ቻርት ወይስ የሒሳብ መዝገብ?

ፈንዳሜንታል ትንተና «ድርጅቱ ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ትርፉን፣ ዕዳውን፣ ዕድገቱን ያያል። ቴክኒካል ትንተና ደግሞ በቻርት ላይ የሚያየው የአክሲዮኑን ዋጋና የግብይቱን መጠን ነው፤ ገዢና ሻጭ ምን እያደረጉ ነው ይላል።

የአሜሪካውን የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ሲስኮን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 አክሲዮኑ 80 ዶላር ገደማ ደረሰ። ይህ አንድ አክሲዮን በዓመት ከሚያስገኘው ትርፍ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ሒሳብ የሚያነብ ሰው «ውድ ነው» አለ፤ ልክ ነበር። በ2002 መኸር ከ10 ዶላር በታች ወረደ።

ግን ይህ ሰው «ውድ ነው» ማለት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1999 ብቻ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ቆሞ ተመለከተ። መዝገቡ «መቼ» የሚለውን አይነግርም።

ቻርት አንባቢውስ? ያለፉትን 200 የግብይት ቀናት የዋጋ አማካይ ይከተላል። ዋጋው ከአማካዩ በላይ ሳለ ይይዛል፣ ከታች ሲወርድ ይሸጣል። ጫፉ ላይ አይሸጥም፤ ከአብዛኛው ውድቀት ግን ያመልጣል። ገበያው ወዲህ ወዲያ ሲዋልል ግን ይኸው ደንብ በውድ እያስገዛ በርካሽ ያሸጣል። ኮሚሽኑ ሳይቆጠር!

በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የእኛ የኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ እኔ መዝገቡን አስቀድማለሁ። ግብይቱ ጥቂት በሆነበት አክሲዮን፣ አንድ ትልቅ ሻጭ ብቻውን ቻርቱን ይሠራዋል።