ከሳህን ጀርባ ያለው ማህተም የየት አገር ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የቻይና ፊደል ካለበት የቻይና ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጃፓኖችም በቻይና ፊደል ይጽፋሉ። የጃፓኗ አሪታ ከተማ ፖርስሌን ሠሪዎች ደግሞ የቻይና ነገሥታትን የዘመን ማህተም ሳይቀር ይገለብጡ ነበር።

አንድ ሰማያዊና ነጭ ሳህን ገልብጠን እንይ። መሐል ላይ ስድስት ፊደላት በሁለት መስመር ቁልቁል ተጽፈዋል። ከቀኙ መስመር ጀምረን ስናነብ «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመን የተሠራ» ይላል። ቼንግኋ ማለት በቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ከ1465 እስከ 1487 ያለው ዘመን ነው። ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው እዚሁ ላይ ያቆማል።

እኔ ግን ጣቴን ጀርባው ላይ አሳልፋለሁ። በፊደላቱ ዙሪያ ሦስት አራት ሻካራ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ሳህኑ እቶን ውስጥ እንዳይጎብጥ ከሥር የተደገፈባቸው ትንንሽ የሸክላ ሾጣጣዎች የተዉት ጠባሳ ነው። ይህ የአሪታ አሠራር ነው። በቻይና ሳህን ላይ እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ያለውን ሳህን የጃፓን ነው ብዬ እይዘዋለሁ። ጠባሳ አለመኖሩ ግን ብቻውን የቻይና አያደርገውም፤ ትንንሽ ዕቃ ድጋፍ አያስፈልገውም።

ዕድሜውንም ከፊደሉ አትውሰዱ። ቻይናዎቹ ራሳቸው የቀደሙ ነገሥታትን ማህተም በኋለኛው ዘመን ዕቃ ላይ ይጽፉ ነበር።

«ቻይና ተብሎ ተጽፎበታል እኮ»

በእንግሊዝኛ «ቻይና» የፖርስሌን መጠሪያም ነው። «ስቶን ቻይና» እና «አይረንስቶን ቻይና» የሚሉት ማህተሞች በአብዛኛው የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ናቸው።

«የንብ ቀፎ ምልክት ያለበት ሁሉ የቪየና ነው»

ምልክቱ ቀፎ አይደለም። የምልክቱ ላይኛው ወደ ታች እንዲሆን ዕቃውን አዙራችሁ ስታዩት ጋሻ ይሆናል፤ ከወገቡ ላይ ሁለት አግድም መስመር ያለው የኦስትሪያ ጋሻ ነው። የቪየናው ፋብሪካ በ1864 ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ የጀርመንና የቦሄሚያ ፋብሪካዎች በብዛት ተጠቅመውበታል። ከጋሻው አጠገብ «ጀርመኒ» የሚል ካለ የሚታመነው ቃሉ ነው።

«የአገር ስም ከሌለው ከ1891 በፊት የተሠራ ነው»

መነሻው እውነት ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አስገድዷል። ሕጉ ግን የሚይዘው ወደዚያ የሚላከውን ብቻ ነበር። ለሌላ ገበያ የተሠራው ባዶ ሊሆን ይችላል። የአገሩ ስም የወረቀት ምልክት ላይ ከነበረም ከጊዜ በኋላ ተልጦ ይጠፋል። በሌላ በኩል ከ1891 በፊትም «ኢንግላንድ» ብለው ያተሙ አሉ።

«ኒፖን የፋብሪካ ስም ነው»

ጃፓኖች አገራቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። በዚሁ ሕግ ምክንያት ከ1891 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይታተም ነበር። በ1921 አሜሪካኖቹ ቃሉ እንግሊዝኛ አይደለም ብለው ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ ወደ አሜሪካ የተላከው «ጃፓን» ይላል። አስመስለው የሚያትሙት የሐሰት «ኒፖን» ግን ዛሬም ገበያ ላይ አለ።