ፍልፈልና የግቢ አይጦች፦ ቁልሉ የሚናገረው

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግቢዎች ካሮቱ ቅጠሉ ደህና ሆኖ ሥሩ ከጠፋ፣ ወይም ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ የእንሰት ችግኝ ዛሬ ጠውልጎ በእጅ ሲነካ ከተነቀለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ፍልፈል ነው። ዓይኑ ትንሽ፣ ጆሮው ከጠጉሩ ሥር የተደበቀ፣ የፊት ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የወጣ ሥር በላ ነው። አፈሩን በጥርሱ ይቦጫጭቃል፣ በእግሩ ወደ ኋላ ይሰበስባል፣ ከዚያ ዞሮ በፊቱና በደረቱ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ግዙፉ ዝርያ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው። እዚያ አካባቢ እንዲህ ያለውን እንስሳ መመረዝ ቀበሮውንም መመረዝ ነው።

ግቢ ውስጥ አፈር ሲቆለል ሁሉ ፍልፈል ነው ብሎ መደምደም ግን የተለመደ ስሕተት ነው። የፍልፈል ቁልል ላዩ ክብ ነው፤ ቀዳዳም አይታይበትም፤ እንስሳው አፈሩን ካወጣ በኋላ መውጫውን ራሱ ይደፍነዋልና። ከግድግዳ ወይም ከእንጨት ክምር ሥር ክፍት የሆነ፣ ስፋቱ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ አፉ በመመላለስ የለሰለሰና አፈሩ በአንድ ወገን የተበተነ ጉድጓድ ካዩ ያ የአይጠ መጎጥ ነው። በሣር መካከል የተረገጠ ቀጭን መንገድ ከብዙ ትንንሽ ክፍት ቀዳዳዎች ጋር ሲገኝ ደግሞ የሣር አይጥ ነው። ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ ለአንዱ የሚሠራው ዘዴ ሌላውን አይነካውም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው በየትኛው ቁልል ሥር ፍልፈሉ አሁንም እንዳለ ነው። ቁልሎቹን ሁሉ በማታ በሬክ ያስተካክሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ጥቁር፣ እርጥብ አፈር የወጣበት ቦታ ፍልፈሉ ያለበት ነው። ለምሳሌ ስድስት ቁልል ባለበት የካሮት መደብ ሁለቱ ብቻ ተመልሰው ቢነሡ፣ በሁለቱ መካከል በሹል ብረት ቀስ እያሉ ይወጉ። ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ብረቱ በድንገት ሲሰምጥ ዋናውን መተላለፊያ አግኝተዋል። በአካፋ ይክፈቱትና ይተዉት። ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ አይወድም፤ ካለ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በአፈር ይደፍነዋል። እስከ ማግስቱ ክፍት ሆኖ ከቆየ እዚያ ማጥመድ ወጥመድ ማባከን ነው።

የገበሬው ወስፈንጥር የሚሠራውም በዚሁ የመድፈን ልማድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ተጣጣፊ ዘንግ ከመተላለፊያው ጎን ይተከልና ጫፉ ጎንበስ ብሎ ይታሰራል። ከጫፉ የሚወርደው ገመድ በቀዳዳው ግድግዳ ዙሪያ ሸምቀቆ ይሆናል፤ ማሰሪያው ቀጭን ክር ደግሞ ከሸምቀቆው በስተ ኋላ በመተላለፊያው መካከል ያልፋል። ፍልፈሉ ሊደፍን ሲመጣ ክሩን በጥርሱ ይቆርጠዋል፤ ዘንጉ ሲፈናጠር ሸምቀቆው ይጠብቃል። እንስሳው በየመተላለፊያው ብቻውን የሚኖር ስለሆነ (ግልገል የያዘች እናት ካልሆነች በቀር) አንዱን መያዝ የአንዱን ቤት ጣጣ ይጨርሳል። ባዶ የቀረውን ቤት ግን ጎረቤት ፍልፈል ሊወርሰው ስለሚችል መተላለፊያውን ቆፍሮ መሙላት ያስፈልጋል።

ውኃ ማፍሰስና ጭስ ማጨስ የሚወደዱትን ያህል አይሠሩም። ጭሱን ፍልፈሉ በአፈር ይዘጋዋል፤ ውኃውም በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ይሰርጋል። በቤት ጥግ ከሆነ ደግሞ ውኃው ከፍልፈሉ የባሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ጥልቀት የሌለው የጭቃ ቤት መሠረት የሚናደው እንስሳው ስለነካው ሳይሆን የዝናብ ውኃ መተላለፊያውን ተከትሎ አፈሩን ስለሚሸረሽር ነው። በክረምት ከጣሪያ የወረደ ውኃ ግድግዳው ሥር ሳይከማች ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። መፍትሔው መተላለፊያውን ከፍቶ እርጥብ አፈር በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየጠቀጠቁ መሙላትና የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ማራቅ ነው።

በእህል የተለወሰ መርዝን ሥር በላው ፍልፈል ብዙ ጊዜ አይቀርበውም፤ ለአይጠ መጎጥ ቢረዳም ውሻና ድመት በማይደርሱበት የተዘጋ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለእህል ጎተራ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ግን ከቤት አጠገብ በፍጹም አይደረግም፤ ጋዙ በመሠረቱ ስንጥቅ ገብቶ የተኙ ሰዎችን ይገድላል። ለትንሽ መደብ የሚሻለው ከመዝራት በፊት ከሥርና ከጎን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዓይን ያለው፣ ዝገት የሚቋቋም የሽቦ መረብ ማንጠፍ ነው፤ ለሰፊ የእንሰት ማሳ ግን ወጪው አይቻልም፤ እዚያ የሚሻለው ወስፈንጥሩ ነው።