ነጭ በነጭ ላይ፦ ፎቶን ከርክሞ በላዩ መጻፍ በጎጃም ባነሮች

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባነር ከሚሠራ ሰው አጠገብ ግማሽ ቀን ቢቀመጡ አንድ ትእዛዝ ደጋግመው ይሰማሉ። «ከጀርባው ዓባይን አድርግልኝ፤ ጽሑፉ ነጭ ይሁን።» ዓባይ ካልሆነ ጣና ላይ የሚቀዘፍ ታንኳ ነው። እሱም ካልሆነ የጮቄ ተራራ፣ ወይም ነጭ በነጭ የለበሱት ሙሽሮች ራሳቸው ናቸው።

እነዚህ ፎቶዎች ሁሉ የሚጋሩት ነገር አለ። የሆነ ቦታቸው ላይ ነጭ አለ። የፏፏቴው ጢስ ነጭ ነው፣ የጣና ውሃ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል፣ የጮቄ ሰማይ ደመና አያጣም፣ ነጠላውም ነጭ ነው። ነጭ ፊደል እዚያ ላይ ሲያርፍ ይዋጣል።

ሥራው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ፎቶውን ሙሉ ጀርባ አድርጎ ጽሑፉን በላዩ ማሳረፍ ነው። ሁለተኛው ብዙ ፎቶዎችን እኩል ሳጥኖች ውስጥ መደርደር ነው፤ በየቤቱ ግሪድ ይባላል። ለሁለቱም መከርከምና ማስክ ያስፈልጋሉ። መከርከም ወይም ክሮፕ ትርፉን ቆርጦ መጣል ነው። ማስክ ግን አይቆርጥም፤ ይሸፍናል። የተሸፈነው ክፍል ከሥር ስላለ ደንበኛው ነገ መጥቶ «ትንሽ ወደ ግራ» ቢል ማንቀሳቀስ ይቻላል። ደንበኛ ደግሞ ይመጣል፤ ይላልም።

አንድ ባነር ከነስሕተቱ

እኔ ይህን የተማርኩት በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ባነሩ 3 ሜትር በ1.5 ሜትር ነበር። ከጀርባ ጢስ ዓባይ፣ ከፊት በነጭ የሁለቱ ሙሽሮች ስም። ኮምፒውተሩ ላይ ያምር ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ሲሰቀል ግን የሙሽራዋ ስም ብቻ ተነበበ። የሙሽራው ስም ጢሱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አክስቴ ቀና ብላ አየችና «ልጁስ? ብቻዋን ነው እንዴ የምታገባው?» አለችኝ።

ጥፋቱ የቀለም ብቻ አልነበረም። የጀመረው ከአከራከሙ ነው። ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነበር። ባነሩ ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ስለሆነ ከፎቶው የሚፈለገው 6000 በ3000 ነው። ስለዚህ ከቁመቱ 1000 ፒክስል መውጣት አለበት። ከየት ይውጣ? ፎቶው ከላይ ሰማይ፣ ከመሃል ውሃና ጢስ፣ ከታች ደግሞ ጥላ ያረፈበት አረንጓዴ ቁልቁለት ነበረው። እኔ ሰማዩ ስለወደድኩት 1000ውን ከታች ቆረጥኩ። ጽሑፍ የሚያርፍበትን ብቸኛ ጨለም ያለ ቦታ በገዛ እጄ ጣልኩት ማለት ነው።

ትክክለኛው አካሄድ የተገላቢጦሽ ነበር። መጀመሪያ ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ ይመረጣል፣ ከዚያ ፎቶው ለሱ ሲባል ይከረከማል። ከሰማዩ 800፣ ከታች 200 ፒክስል ቢወጣ ኖሮ ቁልቁለቱ ይተርፍ ነበር፤ ስሞቹም እዚያ ላይ ይተኙ ነበር። ፏፏቴውም ከላያቸው ሳይነካ ይታያል።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ባነር ዳሩ ታጥፎ ቀዳዳ ይበጅለታል፣ ገመድም ይገባበታል። በዚህ መጠን አንድ ሜትር 2000 ፒክስል ነው። ስለዚህ ከየዳሩ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 200 ፒክስል፣ ፊደልም ሆነ ፊት ሳይገባበት ባዶ ይተዋል። ይህ የፎቶ መጠን ለባነር ይበቃል፤ ከሜትሮች ርቀት የሚታይ ነውና። ፎቶው ከስልክ የሚላክ ከሆነ ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ሲሰፋም ፊቱ ይደበዝዛል።

ምን ያህል ይጨለም?

ቁልቁለቱም ቢሆን አንዳንድ ቦታው ላይ ብርሃን ያርፍበታል። ስለዚህ በፎቶውና በጽሑፉ መካከል ስስ ጥቁር ሌየር፣ ማለትም ንብርብር፣ ይገባል። ብዙ ሰው ይህንን በዓይን ግምት ያደርገዋል። ግን ሊሰላ ይችላል። ለድረ ገጾች የወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ WCAG የሚባለው፣ በፊደልና በጀርባው መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት በቁጥር ያስቀምጣል። ነጭ በነጭ ላይ 1 ነው። ነጭ በጥቁር ላይ 21 ነው። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልልቅ ፊደል ቢያንስ 3 ይጠይቃል። ባነር ድረ ገጽ አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ለመነሻ ያገለግላል።

አሁን የከፋውን እናስብ። ከፊደሉ ሥር ያለው ጢስ ንጹሕ ነጭ ነው እንበል። በላዩ ኦፓሲቲው፣ ማለትም የመሸፈን መጠኑ፣ 40 በመቶ የሆነ ጥቁር ብናደርግ ነጩ ፊደል 2.85 ያገኛል። ለትልቅ ፊደልም አይበቃም። 50 በመቶ 3.95 ይሰጣል። 55 ላይ ሲደርስ 4.76 ይሆናል፤ ይህ ለማንኛውም ጽሑፍ ይበቃል። ጥቁሩ 55 በመቶ ሲሆን ከሥሩ ያለው ምንም ያህል ቢያበራ ነጭ ፊደል ከዚህ በታች አይወርድም።

ዋጋው ግን ውድ ነው። ሙሉው ፎቶ በዚህ ልክ ከጨለመ ጢስ ዓባይ የማታ ይመስላል። ለዚህ ነው ማስክ የሚያስፈልገው። ፎቶሾፕ ውስጥ ጥቁሩ ሌየር ላይ ማስክ ይጨመርበታል። ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል። ከታች ነጭ ሆኖ ወደ ላይ እየጠቆረ የሚሄድ ግራዲየንት ሲጎተትበት፣ ጨለማው ከስሞቹ ሥር ብቻ ይቀርና ወደ ፏፏቴው ሲወጣ ይሟሟል። አይቶ «ጨልሟል» የሚል ሰው አይኖርም፤ ቁልቁለቱ ጥላ ያረፈበት ነው የሚመስለው።

ብርሃን ብቻውን አይበቃም። በኅዳር የደረሰ ጤፍ ማሳን ያስቡ። ወርቃማ ነው፣ በጣምም አያበራም። ግን አገዳው ቀጭን፣ የፊደሉም መስመር ቀጭን ነው። ዓይን የትኛው አገዳ የትኛው ፊደል እንደሆነ መለየት ይከብደዋል። እዚህ ማጨለም ብዙ አይረዳም። ከጽሑፉ ሥር ያለውን ማሳ አገዳው እስኪጠፋ ማደብዘዝ፣ ማለትም ብለር ማድረግ፣ ይሻላል።

የእኛ ፊደል ጣጣ

በግዕዝ ፊደል አንዲት ትንሽ መስመር ቃል ትለውጣለች። ሽ ማለት ስ ላይ አናቷ ላይ ሰረዝ ሲጨመር ነው። ያቺ ሰረዝ ጢሱ ውስጥ ከጠፋች «ሙሽራ» የነበረው «ሙስራ» ይሆናል። ደብረ እና ደብሩን የምትለያቸውም ከጎን የወጣች አጭር ቅጥያ ናት። ስለዚህ የፊደሉ ቀጭኑ ክፍል መነበቡ ነው የሚታየው፤ ወፍራሙማ ሁልጊዜም ይነበባል።

ከፊደል ቅርጽ ወይም ፎንት ምርጫ አንጻር ኒያላ የሚባለው ለወረቀት ጥሩ ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ቀጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ራሱን ችሎ የተሠራ ወፍራም ዓይነት ስላለው ይመረጣል። ወፍራም የሌለውን ፊደል ፕሮግራሙ በግድ እንዲያወፍረው ማድረግ የው እና የቁን ቀለበት ይደፍነዋል። ጥቁር ጠርዝም እንዲሁ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ከገባ ቀለበቱን ይበላል። ስለዚህ ስትሮክ ሲደረግ Outside ላይ ይሁን፤ ቀጠን ይበል።

ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ከሁሉም በላይ የጥቁርና ነጭ ሌየር ይጨመርና ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ የመዳፍ ያህል ይደረጋል። ከወንበር ተነሥቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ማየት ነው። ቀለም ሲወጣ ልዩነቱ በብርሃን ብቻ ይቀራል፤ ደካማው ፊደል ወዲያው ይጋለጣል። ያን ቀን ይህን አድርጌው ቢሆን አክስቴ ባልጠየቀችኝ ነበር።

ግሪድ ሲሆን

ለምረቃና ለሙት ዓመት መታሰቢያ ግሪድ ይበዛል። 90 ሴንቲ ሜትር በ90 የሆነ ፖስተር እንውሰድ፤ ሦስት በሦስት። በሳጥኖቹ መካከልና በዳሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢተው አራት ክፍተት 6 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ቀሪው 84 ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ሳጥን 28 ይሆናል።

ፎቶዎቹ ግን ከየዘመዱ ስልክ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም ነው። በየሳጥኑ ላይ ፎቶው ተደርጎ Ctrl+Alt+G ሲጫን ሳጥኑ ማስክ ይሆነዋል። ከዚያ ፎቶውን ማሳነስና ማንቀሳቀስ ነው። ዓይኖች በሁሉም ሳጥን በአንድ ከፍታ፣ ከላይ አንድ ሦስተኛው ገደማ፣ ቢሆኑ ግሪዱ ይረጋል። አንገት ወይም አንጓ ላይ መቁረጥ ያስጠላል። ሌላው ስሕተት መለጠጥ ነው። በድሮው ፎቶሾፕ መጠኑ እንዳይዛባ Shift ይያዝ ነበር። ከ2019 እትም ወዲህ ግን Shift መያዝ ራሱ ነው የሚያዛባው። የድሮ እጅ ያለው ሰው የተመራቂውን ፊት እንደ ዱባ የሚያሰፋው በዚህ ነው።

ጽሑፍ ብዙ ሳጥን ላይ አቋርጦ ባይሄድ ይመረጣል። አንዱ ሳጥን ጥቁር ገበርዲን፣ ቀጣዩ ነጭ ነጠላ ነው፤ ለሁለቱም የሚሆን የፊደል ቀለም የለም። የመሃሉን ሳጥን ያለ ፎቶ በአንድ ቀለም ሞልቶ ስሙን እዚያ መጻፍ ይቀላል። ስምንት ፎቶ ይበቃል፤ ዘጠነኛውን ያመጣው ዘመድ ቢቀየምም።

ያው ፎቶ ስልክ ላይ

አንዳንዱ ደንበኛ የባነሩን ፎቶ ለድረ ገጹም ይፈልገዋል። እዚያ መከርከሙን የሚሠራው ብራውዘሩ ነው፤ የገጹን መልክ በሚወስነው በCSS እንዲህ ይታዘዛል።

```css
.hero {
  background:
    linear-gradient(rgba(0,0,0,.55), rgba(0,0,0,.55)),
    url("tana.jpg") 30% 70% / cover;
}
```

`cover` ፎቶው ሳይለጠጥ ቦታውን እንዲሞላ ያደርጋል፤ የተረፈውን ይቆርጠዋል። የ`.55` ቁጥር ከላይ ያሰላነው ጨለማ ነው። `30% 70%` ደግሞ ሲቆረጥ የትኛው ክፍል ይቅር የሚለውን ይወስናል፦ መጀመሪያ የጎኑን፣ ከዚያ የቁመቱን። ሰፊ ስክሪን ላይ የሚቆረጠው ከላይና ከታች ስለሆነ 70ው ይሠራል። ስልክ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወርዱ 9፣ ቁመቱ 16 በሆነ ስክሪን ላይ 3 በ2 የሆነ ፎቶ ከወርዱ የሚታየው 37.5 በመቶው ብቻ ነው። ቁመቱ ሙሉውን ስለሚታይ 70ው ምንም አይለውጥም፤ ሥራው የ30ው ይሆናል። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ `center` ብሎ ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር፤ ቀዛፊው በግራ በኩል ወጥቶ ጣና ላይ ግማሽ ታንኳ ብቻውን ቀርቶ አገኘሁት።