ኩባንያው የት ነው ያለው? ሦስቱ አድራሻዎች

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት ነገር ነው። አንድ ኩባንያ እንዴት ሦስት አድራሻ ይኖረዋል?

አማዞንን እንውሰድ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲያትል ነው፤ አለቆቹ የሚቀመጡት፣ ትልልቁ ውሳኔ የሚወሰነው እዚያ ነው። የተመዘገበው ግን በደላዌር ግዛት ነው። የደላዌር ሕግ እዚያ የተቋቋመ ኩባንያ ሁሉ በግዛቷ ውስጥ የተመዘገበ አድራሻና ወረቀት የሚቀበልለት ወኪል እንዲኖረው ያስገድዳል። ኩባንያውን የከሰሰ ሰው መጥሪያውን የሚያደርሰው ለዚያ ወኪል ነው። ብዙ ጊዜ አድራሻው የወኪሉ ቢሮ ስለሆነ በሩን ብታንኳኩ የኩባንያውን ሠራተኛ አታገኙም፤ ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የተለመደ አሠራር ነው።

ቅርንጫፍ ደግሞ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው። የባንካችሁን የሰፈር ቅርንጫፍ አስቡት። ብድር የተዋዋላችሁት እዚያ ቢሆንም አበዳሪያችሁ ባንኩ ነው፤ ቅርንጫፉ ለብቻው ሕጋዊ ሰውነት የለውም።

የተመዘገበ አድራሻና የወኪል ደንቡ ግን ከአገር አገር ይለያያል። አጠራሩም ይለያያል። እኛ አገር መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው «ዋና መሥሪያ ቤት» ስለሆነ የተመዘገበው አድራሻና አመራሩ ያለበት ቦታ ይደባለቁብናል። ስለዚህ የኩባንያ ፕሮፋይል ስትሞሉ መዝገቡ ላይ ያለውን አድራሻ «የተመዘገበ» በሚለው ሥር ጻፉ፤ አመራሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ለብቻው አስፍሩት።