«ተፈጥሮ ሁልጊዜ በአጭሩ መንገድ ትሠራለች» ሲባል ምን ማለት ነው?

አባባሉ የቆየ ነው። የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ስለ መስታወት ሲጽፍ ሐሳቡን ተጠቅሞበታል። ከመስታወት የሚንጸባረቅ ብርሃን መስታወቱን ነክተው ከሚያልፉ መንገዶች ሁሉ አጭሩን ይሄዳል አለ።

ልክነቱን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ሻማ ከመስታወቱ 1 ሜትር፣ ዓይንህ ደግሞ 2 ሜትር ይራቅ። በመስታወቱ አቅጣጫ በመካከላቸው 3 ሜትር አለ እንበል። አሁን ዓይንህን ከመስታወቱ ኋላ 2 ሜትር ላይ አድርገህ አስብ። ብርሃኑ መስታወቱን የትም ቦታ ቢነካ ወደዚህ የታሰበ ዓይን ያለው መንገድ ወደ እውነተኛው ዓይንህ ካለው ጋር በርዝመት እኩል ነው፤ ከእነዚህ መንገዶች አጭሩ ደግሞ ከሻማው ወደዚያ የሚወስደው ቀጥተኛ መስመር ነው። መስመሩ መስታወቱን ከሻማው ፊት ለፊት 1 ሜትር ፈቀቅ ብሎ ያቋርጣል። እዚያ ላይ የሚገባውም የሚወጣውም ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው። ርዝመቱ 4.24 ሜትር። መሐል ላይ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ላይ ቢነካ 4.30 ይሆን ነበር። የእኩል ማዕዘን ሕግ ከዚህ ይወጣል።

ውሃ ጋ ሲደርስ ግን አባባሉ ይሰናከላል። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ አጭሩ መንገድ ደግሞ ቀጥታው ነበር። እዚህ ላይ ነው ፒየር ደ ፌርማ የሚመጣው። ሥራው በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ በፍርድ ቤት ነበር፤ ሒሳብ የትርፍ ጊዜው ነው። በ1662 አባባሉን ትንሽ አስተካከለው፦ አጭር ማለት በርቀት ሳይሆን በጊዜ ነው። እኔም «ፈጣኑ» ብለን ብንተረጉመው ይሻላል ባይ ነኝ።

በቁጥር እንየው። መብራት ከውሃ በላይ 1 ሜትር ላይ ነው። ከውሃ በታች 1 ሜትር ላይ ሳንቲም አለ። የጎን ርቀታቸው 2 ሜትር ነው። ውሃ ውስጥ ብርሃን የአየሩን ሦስት አራተኛ ያህል ፍጥነት ብቻ አለው፤ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ጭቃ ሲገባ እንደሚሆነው ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ ከመብራቱ ሥር 1 ሜትር ርቆ ውሃ ገብቶ፣ 11.01 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። «ጭቃው ይቅርብኝ» ብሎ በአየር 2 ሜትሩን ጨርሶ ሳንቲሙ አናት ላይ ቢወርድ ደግሞ 11.91። በዚህ ላይ ብዙ ዙሯል። ከሁሉም የሚያንሰው 10.90 ሲሆን፣ የሚገኘው 1.27 ሜትር ላይ ውሃ ሲገባ ነው። እዚያ ላይ ብርሃኑ ከቋሚው መስመር በአየር 51.8፣ በውሃ 36.1 ዲግሪ ያጋድላል። የሳይኖቻቸው ውድር 1.33 ነው፤ የፍጥነቶቹም ውድር ያው። የሆላንዱ የሒሳብ ሊቅ ስኔል በ1621 በሙከራ ያገኘው ሕግ ይኸው ነው፦

sin θ₁ / sin θ₂ = v₁ / v₂

የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1637 ያንኑ የሳይን ሕግ አሳትሞ ነበር፤ ግን ብርሃን በውሃ ውስጥ ይፈጥናል በሚል መነሻ። ፌርማ ይህ አልተዋጠለትም። ይዘገያል ብሎ ሲያሰላ የተለየ ሕግ አገኛለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የወጣው ግን ያው ሕግ ሆነ! በወቅቱ ማን ልክ እንደሆነ ለክቶ ማወቅ አይቻልም ነበር። በ1850 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፉኮ ሲለካ ብርሃን በውሃ ውስጥ የሚዘገይ ሆነ፤ ፌርማ ረታ።

የዴካርት ተከታይ ክለርሰልየ ግን በ1662 የጠየቀው ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። ብርሃን ሳይጓዝ የትኛው መንገድ እንደሚፈጥን በምን ያውቃል? ፌርማ ለዚህ መልስ አልነበረውም። መልሱ የመጣው ብርሃን ሞገድ ነው ሲባል ነው። ሞገዱ በሁሉም ነጥብ በኩል ያልፋል። ቀጥታው መንገድ ላይ መግቢያውን 2 ሴንቲ ሜትር ብታንቀሳቅስ የጊዜ ልዩነቱ ብርሃን በአየር 5 ሚሊ ሜትር ግድም ከሚሄድበት ጋር እኩል ነው። ለሞገዱ ይህ ብዙ ሺህ ዙር ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት መንገዶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። 1.27 ሜትሩ አጠገብ ያው 2 ሴንቲ ሜትር የሚያመጣው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እየቀረብህ ስትመጣ ደግሞ ወደ ምንም ይጠጋል። እዚያ ያሉት መንገዶች እኩል ደርሰው ይደጋገፋሉ።

ስለዚህ ቁም ነገሩ «ትንሹ» መሆኑ ሳይሆን መንገዱ ትንሽ ሲነቀነቅ ጊዜው አለመለወጡ ነው። ውስጡ መስታወት የሆነ ክብ ክፍል አስብ፤ ከመሐል እስከ ግድግዳ 5 ሜትር ነው። መብራቱና ዓይንህ ከመሐል ግራና ቀኝ 3፣ 3 ሜትር ላይ ናቸው። ከሁለቱም እኩል በራቀው ግድግዳ በኩል ያለው መንገድ 11.66 ሜትር ነው። እዚያ አጠገብ ያለው ሌላ ነጥብ ሁሉ ከዚህ ያነሰ መንገድ አለው። ብርሃኑ ግን ከአጠገቡ ያሉትን ሁሉ ትቶ በዚያው ረጅሙ ይመጣል።