አለርጂክ ራይናይትስ፦ በአፍንጫ ጀምሮ ደረት የሚደርስ ቁጣ

አለርጂክ ራይናይትስ ማለት የሰውነት መከላከያ ጉዳት የማያደርስን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ አፍንጫ ውስጥ የሚያነሳው ቁጣ ነው። ቀስቃሹ የቤት አቧራ፣ የሣርና የዛፍ አበባ ብናኝ፣ የድመት ፀጉርና ቅርፊት፣ የበረሮ ርዝራዥ ወይም ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በላይ በላይ ያስነጥሳል። እንደ ውኃ የቀጠነ ንፍጥ ይወርደዋል። አፍንጫው ይታፈናል፣ ይበላዋል። ዓይኑም አብሮ ሊቀላና ሊያለቅስ ይችላል።

እኛ ዘንድ ይህን ሁሉ ብዙ ሰው «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም የማይለቅ ጉንፋን ነው ይላል። ጉንፋን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል፤ ትኩሳትና ቁርጥማትም ሊኖረው ይችላል። አለርጂው ትኩሳት የለውም። ከሁሉ በላይ የሚለየው ማሳከኩ ነው። ልጅ ከሆነ ደግሞ አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ ደጋግሞ ሲያሽ ታዩታላችሁ። ልማዱ ሲቆይ አፍንጫው ላይ አግድም መስመር እስከ መተው ይደርሳል።

ነገሩ በአንድ ቀን አይጀምርም። የቤት አቧራን እንውሰድ። አቧራው ውስጥ ማይት የሚባሉ በዓይን የማይለዩ ተባዮች አሉ። ፍራሽና ትራስ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት ይበላሉ። አለርጂ የሚያስነሳው በዋናነት ኩሳቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። ተፈጥሮው ወደ አለርጂ የሚያዘነብል ሰው ይህን ፕሮቲን ሲተነፍስ ሰውነቱ አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። አይጂኢው ሄዶ አፍንጫ ውስጥ ባሉ ማስት ሴሎች ላይ ይጣበቃል። እስከዚህ ድረስ ምንም ምልክት የለም። ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ወራት ወይም ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ፕሮቲኑ ሲመጣ ማስት ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ማስነጠሱና ማሳከኩ ይነሳል። ጉዳዩ ግን እዚያ አያበቃም። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ኢዎሲኖፊል የተባሉ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይመጣሉ፤ ሁለተኛ ዙር እብጠት ይጀምራል። ለረጅም ሰዓት የሚያፍነው በአብዛኛው ይኼኛው ነው። የአለርጂ እንክብሎቹ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ለማስነጠስና ለማሳከክ ጥሩ ሆነው ለመታፈን ብዙም የማይረዱት ለዚህ ነው። የሚዘጉት የሂስታሚንን ሥራ ብቻ ነዋ።

አሁን ወደ ደረት እንሂድ። አፍንጫና ሳንባ በሕክምና ክፍል ቢለያዩም አንድ የአየር መንገድ ናቸው። አብዛኛው የአስም ታማሚ የአፍንጫም ችግር አለበት። አለርጂክ ራይናይትስ ካለባቸው ሰዎች ደግሞ ከ10ሩ እስከ 4 የሚሆኑት አስም ሊኖራቸው ይችላል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ አሪያ በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመሪያም ሐኪሞች ሁለቱን አብረው እንዲመረምሩ መከረ።

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። ሲታፈን በአፍ እንተነፍሳለን፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በቀጥታ ወደ ደረት ይወርዳል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ኔዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው፣ አስም ግን የሌለባቸውን ሰዎች ወሰዱ። አለርጂ የሚያስነሳውን ነገር በቱቦ ሳንባቸው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አደረጉት። ከአንድ ቀን በኋላ ሲመረመሩ አፍንጫቸውም ተቆጥቷል። አፍንጫውን ማንም አልነካውም። ይህ የሚያሳየው ቁጣው በደም በኩልም እንደሚተላለፍ ነው።

በአገራችንም ጅማ ላይ ጥሩ ጥናት ተሠርቷል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ሥራ አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ዝቅ ያለ መሆኑን አገኘ። ትሉ ግን ደም ማነስ ያመጣልና መድኃኒት ነው ብሎ ማንም እንዳያስብ።

በተግባር እንዴት እንደሚመጣ በአንዲት ምናባዊ ታማሚ እንየው። የ28 ዓመት ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስታራግፍ ትውላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስታስነጥስ ኖራለች። ከፋርማሲ የገዛችው የአፍንጫ ጠብታ፣ ዛይሎሜታዞሊን፣ በደቂቃ ይከፍትላት ነበር። አሁን ግን በየሦስት ሰዓቱ ካላደረገች ትታፈናለች። ሰሞኑን ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደረቅ ሳል ይቀሰቅሳታል፤ ደረጃ ስትወጣ ደረቷ ይጨመደዳል።

እዚህ ሁለት ነገር ተደራርቧል። ጠብታው ከ5 ቀን በላይ ሲወሰድ ራሱ መታፈንን ያመጣል፤ ለአለርጂ የተገዛው መድኃኒት ሌላ በሽታ ሆኗል ማለት ነው። የሌሊቱ ሳል ደግሞ አስም ያስጠረጥራል። ሐኪሙ ፒክ ፍሎው በተባለችው ትንሽ የትንፋሽ ፍጥነት መለኪያ አስነፋት፤ በደቂቃ 300 ሊትር አወጣች። የሳልቡታሞል ፓፍ ወስዳ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስትነፋ 370 ሆነ። ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል። አየር መንገዱ ጠቦ ነበር፣ በመድኃኒት ተከፈተ፤ ከምልክቶቹ ጋር ሲደመር አስም ነው ያሰኛል። በዚያ ሰዓት ልኬቱ ጤናማ ቢሆን ኖሮ ግን አስም የለም ማለት አይቻልም ነበር። አስም መምጣትና መሄድ ያውቃል።

ሕክምናዋ ሦስት ነገር ነው። ጠብታውን ታቆማለች፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ስቴሮይድ ያለበት የአፍንጫ ስፕሬይ በየቀኑ ትጠቀማለች። ሙሉ ጥቅሙ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ በሦስተኛው ቀን ይጥለዋል። አጠቃቀሙም ወሳኝ ነው። አንገት ጎንበስ ይላል። የግራ ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ የቀኙ በግራ እጅ ይረጫል፤ የስፕሬዩ አፍ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። መሃለኛው ግድግዳ ላይ ከተረጨ አፍንጫ ያደማል። በኃይል ከተሳበ ደግሞ ጉሮሮ ገብቶ ይባክናል።

ለደረቷ ደግሞ በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ያስፈልጋታል። የአፍንጫው ስፕሬይ ይህን አይተካም። ሳልቡታሞል ብቻውንም አይበቃም፤ መንገዱን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ በ60 ዲግሪ ውኃ ቢታጠብ ማይቶቹ ይሞታሉ። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማውጣትም ያደርቃቸዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጽዳት ብቻውን ብዙ ለውጥ ሲያመጣ አይታይም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ነው የሚረዳው።

አፍንጫው የሚያስቸግረው ሰው ስለ ደረቱም መጠየቅ አለበት፦ ሌሊት ያስልሃል? ስትሮጥ ወይም ስትስቅ ደረትህ ሲር ሲር ይላል? ጉንፋንህ ወደ ደረት ወርዶ ይቆያል? ለአንዱ መልሱ አዎ ከሆነ አስም ይፈተሻል። አንድ አፍንጫ ብቻ ሁልጊዜ ከታፈነ ወይም ከደማ ግን የአለርጂ ባሕርይ አይደለም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ዓረፍተ ነገር እስኪያቋርጥ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላስታገሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።