ንያሳ፦ «ሐይቅ ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አንድ እንግዳ ወደ ውሃው እየጠቆመ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢል፣ ዓሣ አጥማጁ «ሐይቅ ነዋ!» ይለዋል። እንግዳው የፈለገው መጠሪያውን ነበር፤ የተነገረው ግን የነገሩ ዓይነት ነው።

በ1859 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው አሳሽ ዴቪድ ሊቪንግስተን ዛሬ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ የሚጋሩት ሐይቅ ዳር ሲደርስ የሰማው ቃል «ንያሳ» ነበር። በአካባቢው በሚነገረው በያኦ ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው። እሱ ግን እንደ መጠሪያ ስም ወሰደውና ካርታው ላይ «የንያሳ ሐይቅ» ተብሎ ቀረ፣ በእኛ አፍ «የሐይቅ ሐይቅ»። እንግሊዞች በኋላ የዛሬዋን ማላዊንም ንያሳላንድ አሏት። ሐይቁን ታንዛኒያ ዛሬም ንያሳ ትለዋለች።

እንዲህ ያለውን የስም ስህተት ለመጠርጠር ቀላሉ መንገድ ካርታውን ሳያሳዩ የቃሉን ትርጉም ብቻ የቋንቋውን ተናጋሪ መጠየቅ ነው። ትርጉሙ «ሐይቅ» መሆኑ ብቻውን ግን ስህተት መኖሩን አያረጋግጥም፤ የወሎውን ሐይቅ ነዋሪዎቹ ራሳቸው «ሐይቅ» ነው የሚሉት።